ስቡ የሚሄደው ወዴት ነው?

በሞያሌ ወተት የገባበት ጣፋጭ ሻይ በቀን ደጋግሞ ይጠጣል። ክብደቱ ሳይጨምር ሳይቀንስ የቆየ አንድ ሰው በቀን አምስት ብርጭቆ ሻይ እየጠጣ በእያንዳንዱ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ይጨምራል እንበል። አንዱ ማንኪያ 5 ግራም ያህል ስለሚይዝ በጠቅላላው 75 ግራም፣ ማለትም 300 ካሎሪ ይሆናል። ካሎሪ ከምግብ የምናገኘው ጉልበት መለኪያ ነው። ስኳሩ ቀርቶ ሌላው ምግብና እንቅስቃሴ እንደነበረ ከቀጠለ፣ ልብና ሳንባ ሥራቸውን ስለማያቆሙ ሰውነት የጎደለውን ካጠራቀመው ስብ ያወጣል። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ያህል ይይዛል፤ ስለዚህ ለአንድ ኪሎ ወደ 26 ቀን ያስፈልጋል። ስቡ ደግሞ ብዙዎች እንደሚያስቡት በላብ ቀልጦ አይወጣም። ከኦክስጅን ጋር ተቃጥሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ይሆናል፤ ከ10 ኪሎ ስብ 8.4 ኪሎው የሚወጣው በትንፋሽ ነው።

«ቀኑን ሙሉ ጾሜ እንኳ አልቀነስኩም» የሚል ሰው አይዋሽም። ወሳኙ ግን የተጾመው ሰዓት ሳይሆን የቀኑ ድምር ነው፤ ማታ በሳምቡሳ ውስጥ የሚገባው ዘይት በአንድ የሾርባ ማንኪያ 120 ካሎሪ ያህል አለው። በሦስት ቀን ሁለት ኪሎ የቀነሰም ቢሆን አብዛኛው ውሃ ነው። ሰውነት እየቀለለ ሲሄድ የሚያቃጥለውም ስለሚቀንስ፣ ክብደት መቀነሱ ከወራት በኋላ ይዘገያል። ስለዚህ በየሳምንቱ፣ ጠዋት ቁርስ ሳትበሉ ተመዘኑ፤ የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ ግን ምግብ ከመቀነሳችሁ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ።