ደመና የሸፈነውን የፎገራ ጎርፍ በራዳር ማየት

በክረምት የፎገራን ሜዳ ከጠፈር በካሜራ አንስቶ ጎርፉ የት ድረስ እንደደረሰ ማወቅ ይከብዳል። ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳው ላይ የሚፈሱት፣ ሰማዩም በደመና የሚሸፈነው በአንድ ሰሞን ነው። ራዳር ግን ደመና አያግደውም። የአውሮፓ የጠፈር ኤጀንሲ ሴንቲኔል-1 ሳተላይት 5.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው ሞገድ በሰያፍ ይልክና ከምድር የሚመለስለትን ይመዘግባል። ሻካራ ማሳ ከሞገዱ የተወሰነውን ወደ መጣበት ይመልሳል፤ የረጋ ውኃ ግን እንደ መስተዋት ወደ ማዶ ስለሚያንጸባርቀው በምስሉ ላይ ጥቁር ሆኖ ይወጣል።

ታዲያ ጥቁር የሚባለው ከስንት በታች ነው? የምላሹ ጥንካሬ በዴሲቤል ይለካል፤ 10 ዴሲቤል ሲቀንስ ምላሹ ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። የጣና ውኃ -20፣ ማሳው ደግሞ -9 አካባቢ ነው እንበል። የምስሉን ነጥቦች በግራፍ ብናወጣ ሁለት ጉብታ እናያለን፤ ወሰኑ የሚቆረጠው በመሃላቸው ባለው ሸለቆ፣ -15 ገደማ ላይ ነው። ጃፓናዊው ኦትሱ በ1979 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ስሌት ይህን ቦታ ራሱ ያገኘዋል። ውኃው ከምስሉ ጥቂቱን ብቻ ከያዘ ግን የውኃው ጉብታ ይጠፋና ስሌቱ ደረቁን መሬት ለሁለት ይከፍለዋል። ስለዚህ ውኃና መሬት የሚመጣጠኑበትን የሐይቁን ዳርቻ ለይቶ ማስላት ይሻላል፤ ነፋስ ያናወጠው ውኃ ስለሚነጣም የዕለቱን ነፋስ ማየት ነው።

ከወሰኑ በታች የወደቀ ሁሉ ጎርፍ አይደለም። የጉና ተራራ ሞገዱ የማይደርስበት ጀርባው ጥቁር ነው፤ ውኃ ተዳፋት ላይ ስለማይተኛ፣ ከ5 በመቶ በላይ ተዳፋት ያለውን ሁሉ በከፍታ ካርታ መሰረዝ ነው። የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ አስፋልትም ለስላሳ ስለሆነ ይጠቁራል። እሱና ጣና ራሱ ግን በበጋውም ምስል ጥቁር ስለሆኑ፣ ከዚያው ምሕዋር የተነሳውን የበጋ ምስል በማነጻጸር ይወጣሉ። ብቻቸውን የተበተኑ ጥቂት ነጥቦችም የራዳሩ ዝብርቅ ስለሆኑ ይጠረጋሉ።

በእኔ ግምት የፎገራ ዋናው ፈተና ሩዙ ነው። ገና አጭር የሆነ ሩዝ ውኃ የተኛበት ማሳ ላይ ሲቆም ከጎርፍ አይለይም፤ በበጋ ደግሞ ማሳው ደረቅ ስለሆነ የበጋው ምስል አይረዳም። ጎርፉ ከመምጣቱ በፊት በዚያው ክረምት የተነሳ ምስል ያስፈልጋል። ቅርጹም ይናገራል፦ የሩዝ ውኃ ድንበሩ ላይ ይቆማል፣ ጎርፍ ግን ድንበሩን ዘሎ ከወንዙ ጋር ይያያዛል።

ተቃራኒው ስህተትም አለ። ሩዙ ካደገ፣ ወይም ውኃው ዛፍና ቤት መሃል ከገባ፣ ሞገዱ ከውኃው ወደ ግንዱና ወደ ግድግዳው ነጥሮ ስለሚመለስ ቦታው እንዲያውም ይነጣል። ወሰኑን ዝቅም ከፍም ብናደርግ ይህን ጎርፍ አናገኘውም፤ ከቀደመው ምስል ይልቅ በድንገት የነጡትን መንደሮች ለይቶ ቀበሌውን በስልክ መጠየቅ ነው።