ከአራት ዲስኮች አንዱ ሲበላሽ

አራት ባለ 4 ቴራባይት ዲስኮች በሬይድ 5 ሲጣመሩ 12 ቴራባይቱ ለፋይል ይውላል። የአንድ ዲስክ ያህሉ ቦታ ደግሞ የጎደለውን አስልቶ ለመመለስ የሚረዳ መረጃ ይይዛል። ስለዚህ አንዱ ዲስክ ቢበላሽም ፋይሎቹ ይከፈታሉ፤ ሌላ ከተጨመረ ግን ሬይዱ ይቆማል።

በሊኑክስ `/proc/mdstat` የተባለው ፋይል `[UU_U]` ካሳየ፣ ሦስተኛው ዲስክ ከሥራ ወጥቷል። ከሁሉ በፊት የማይተኩ ፋይሎችን ወደ ሌላ ቦታ ይቅዱ። መልሶ ግንባታው የቀሩትን ሦስት ዲስኮች ከዳር እስከ ዳር ስለሚያነብ፣ ተደብቆ የቆየ ብልሽት የሚወጣው ያኔ ነው።

ከዚያ የተበላሸውን ዲስክ በላዩ ከታተመው ሴሪያል ቁጥር ይለዩት፤ በግምት ጤነኛውን መንቀል ሬይዱን ያስቆማል። በመጠን የማያንስ አዲስ ዲስክ ይተኩ። ዲስኮቹ ሳይከፋፈሉ የተጣመሩ ከሆኑና የአዲሱ ስም `/dev/sde` ከሆነ፣ ትእዛዙ ይህ ነው፦

```
mdadm /dev/md0 --add /dev/sde
```

ሥራው ብዙ ሰዓታት ይወስዳል፤ የደረሰበት ደረጃ በዚያው ፋይል በመቶኛ ይታያል። ሬይዱ አልነሳ ቢል `--create` አይሞክሩ፤ ስለ ጥምረቱ የተመዘገበውን መረጃ በአዲስ ይተካዋል፣ የዲስኮቹ ቅደም ተከተል ከተሳሳተም ፋይሎቹን ሊያበላሽ ይችላል።

ሬይድ በስህተት የተሰረዘ ፋይልን አይመልስም። የተለየ ቅጂ ምንጊዜም ይኑርዎት።