ለጡጦ ወተት ውኃው ምን ያህል ይሙቅ?

የሕፃናት የዱቄት ወተት ታሽጎ ቢመጣም ከጀርም ፈጽሞ የጸዳ አይደለም። ክሮኖባክተር የተባለ ባክቴሪያ አልፎ አልፎ በደረቁ ዱቄት ውስጥ ይገኛል፤ በተለይ ሁለት ወር ያልሞላውን ወይም ያለጊዜው የተወለደውን ሕፃን ክፉኛ ያሳምማል። የዓለም ጤና ድርጅት ዱቄቱ ከ70 ዲግሪ ባላነሰ ውኃ ይበጥበጥ የሚለው እዚያው ውስጥ ያለውን ጀርም ለመግደል ነው።

አዲስ አበባ ላይ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ሦስት ደቂቃ ያህል ይንተክተክ። ከወረደ በኋላ ከግማሽ ሰዓት በላይ አይቆይ። ማታ ፔርሙስ ውስጥ ገብቶ ሌሊት ለብ ያለ ውኃ ይህን ሥራ አይሠራም።

ቆርቆሮው ለ30 ሚሊ ሊትር አንድ ማንኪያ ካለ፣ መጀመሪያ 120 ሚሊ ሊትር ውኃ ጡጦው ውስጥ ይለካል፤ ከዚያ አፉ የተስተካከለ አራት ማንኪያ ይጨመራል። ዱቄቱ ውድ ነውና በሦስት ማብቃቃት ያጓጓል፤ ሕፃኑ ግን ሆዱ በውኃ ይሞላል እንጂ አይፋፋም። ጡጦው ተከድኖ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ይቆይና ጠብታው በእጅ አንጓ ላይ ለብ ሲል ይሰጣል።

የተበጠበጠ ወተት ከፍሪጅ ውጭ ሁለት ሰዓት ካለፈው ይደፋል። ወዲያው ቀዝቅዞ ፍሪጅ የገባ እስከ 24 ሰዓት ይቆያል፤ መብራት ለረጅም ሰዓት ከጠፋ ግን አይታመንም። ሕፃኑ ጠብቶ የተረፈው፣ ምራቅ ስለነካው፣ አይቀመጥም።

ጡጦው ተፈታትቶ በሙቅ ውኃ፣ በሳሙናና በብሩሽ ይታጠባል። የወተት ቅባት የሚደበቀው ጫፉና የሚጠመዘዘው ቀለበት ሥር ነው። ሲቀቀልም አየር ሳይቋጥር ሙሉ በሙሉ ይስመጥ።