ሦስት ማዕዘን ቁራጮቹ ከየት መጡ?

ጣሪያ ተመትቶ ባለቀበት ግቢ ጥግ ሁልጊዜ የቆርቆሮ ቁራጭ ክምር አይጠፋም። ክዳኑ ውኃ የሚያፈሰው በሁለት ፊት ብቻ ከሆነ ክምሩ ትንሽ ነው። በአራቱም ፊት የሚያፈስ ከሆነ ግን ሦስት ማዕዘን ቁራጭ ይከመራል፤ ባለቤቱም «ይህን ሁሉ ማን አስገዛኝ?» ይላል።

መልሱ ፕላኑ ላይ አለ። ግድግዳው 8 በ12 ሜትር የሆነ ቤት እንውሰድ። ክፍክፉ በየአቅጣጫው 50 ሴንቲ ሜትር ስለሚወጣ ጣሪያው ከላይ ሲታይ 9 በ13፣ ማለትም 117 ካሬ ሜትር ነው። በግድግዳው ልክ 96 ብሎ የጀመረ ሰው ገና ከመነሻው 21 ካሬ ጎድሎበታል። ተዳፋቱ በየ1 ሜትሩ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ የሚል ከሆነ 117ን በ1.044 እናባዛለን፤ 122 ካሬ ይመጣል። የሚገርመው፣ በዚሁ ተዳፋት ሁለት ፊት ብቻ ያለው ክዳን ቢሠራም ስፋቱ ያው 122 ነው። የሚለያዩት በብክነት ነው።

አንዱ ቆርቆሮ 80 ሴንቲ ሜትር ይሸፍናል እንበል። ሁለት ፊቶች በሚገናኙበት የማዕዘን መስመር ላይ እያንዳንዱ ቆርቆሮ ከጎረቤቱ በ83.5 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፤ በሰያፍ ሲቆረጥም የካሬ ሜትር ሲሶ ያህል ይወድቃል። አራቱን ማዕዘኖች ግራና ቀኝ ስንደምር፣ ቆርቆሮው በየልኩ ታዝዞ እንኳ ወደ 15 ካሬ ይባክናል፤ 12 በመቶ መሆኑ ነው። ቤቱ 26 ሜትር ቢረዝም ማዕዘኑ አሁንም አራት ነውና የሚወድቀው ያው 15 ካሬ ነው፤ ድርሻው ግን ወደ 6 በመቶ ይወርዳል። ስለዚህ «አሥር በመቶ ጨምርበት» የሚለው የተለመደ ምክር ለትንሽ ቤት ያንሳል፣ ለረጅም ቤት ይበዛል።

ጎበዝ አናጢ ይህንንም ይቀንሰዋል። ከጥጉ አራተኛው ቆርቆሮ በረጅም ጎኑ 3.34 ሜትር፣ ሁለተኛው 1.67 ሜትር ነው፤ ለየብቻ ሲታዘዙ 5 ሜትር ይፈጃሉ። 4.18 ሜትር የሆነ አንድ ቆርቆሮ በሰያፍ ቢቆረጥ ግን ሁለቱም ይወጡለታል። ቀሪው ቁራጭ ዞሮ፣ ላዩ ታች ሆኖ ይገባል እንጂ አይገለበጥም፤ ከተገለበጠ ቀለሙ ወደ ጣውላው ይዞራል። ብዙዎች የሚሳሳቱት ቁራጩን እዚያው ማዕዘን ማዶ ላይ ለመግጠም ሲሞክሩ ነው። የግራ ጥግ ቁራጭ የሚገባው በሌላ ፊት ግራ ጥግ ወይም እዚያው ግራ ጥግ ላይ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ግን አስቀድሞ ይፈተሽ። የአንዳንዱ ቆርቆሮ ሁለት ጠርዞች አይመሳሰሉም፤ አንደኛው ከሥር፣ ሌላኛው ከላይ እንዲደረብ ነው የተሠራው። ሁለቱን መሬት ላይ ዘርግቶ አንዱን ማዞርና መደረብ በቂ ነው። ጠርዙ ሳይገጥም ክፍተት ካሳየ፣ ያ ቁራጭ ጣሪያው ላይ ቢወጣ በመጀመሪያው ዝናብ ያፈሳል።