የወንዝ አሸዋ ጭቃ በኪዩብ ሲፈተን

የወንዝ አሸዋ ብዙ ጊዜ ጭቃ ይዞ ይመጣል። ጭቃው ውሃ ይሻማል፤ ሲሚንቶውም ከጠጠሩ ጋር በደንብ እንዳይያያዝ ያደርጋል። ጉዳቱን ለመለካት የሲቪል ምህንድስና ተማሪዎች ሁለት ድብልቅ ያቦካሉ፤ አንዱን በታጠበ፣ ሌላውን ባልታጠበ አሸዋ። የቀረው ሁሉ እኩል ነው። ያልታጠበው ሲደርቅባቸው ውሃ መጨመር ያምራል፤ ያን ጊዜ ግን የተለካው ጭቃው ሳይሆን ውሃው ነው።

ድብልቁ ጎኑ 150 ሚሊሜትር በሆነ፣ ዘይት በተቀባ የብረት ሳጥን ውስጥ እየተጠቀጠቀ ይሞላል። በማግስቱ ወጥቶ እስከ 28ኛው ቀን ውሃ ውስጥ ይቆያል። መጭመቂያው ኪዩቡን በ450 ኪሎኒውተን ቢሰብረው፣ ይህ ለ22,500 ካሬ ሚሊሜትር ሲካፈል 20 ሜጋፓስካል ይመጣል። አራቱም ጎን እኩል ከተሰነጠቀ ንባቡ ይታመናል፤ አንድ ጎን ብቻ ከፈረሰ ኪዩቡ ጠማማ ነበር ወይም ተዛንፎ ተቀምጧል።