ለፋሲካ ሳምንት ለደንበኛ የሚጻፍ ደብዳቤ

የበዓል ደብዳቤ ምስጋናው አጭር፣ ሰዓቱና ቅናሹ ግልጽ መሆን አለበት። ቅቤና ቅመም የሚሸጥ ሱቅ ለፋሲካ እንዲህ ሊጽፍ ይችላል፦

«ውድ ደንበኞቻችን፣ ዓመቱን ሙሉ ስላልተለያችሁን ከልብ እናመሰግናለን። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ከጠዋቱ 2 እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት፣ ቅዳሜ ከጠዋቱ 1 እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ክፍት ነን። ዓርብ ለስቅለት፣ እሑድ ለፋሲካ እንዘጋለን። 2 ኪሎ ቅቤ ለሚገዛ ሩብ ኪሎ በርበሬ በነጻ እንሰጣለን፤ እስከ ቅዳሜ ምሽት ብቻ። መልካም በዓል!»

ጠዋት ወይም ምሽት ተብሎ ካልተጻፈ፣ በውጭ አገር የሚኖር ደንበኛ ሰዓቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ሊወስደው ይችላል። የስጦታው ማብቂያ ካልተነገረም ከበዓሉ በኋላ የሚመጣው ቅር ይሰኛል። ሰው ቅቤውን የሚያነጥረው ከበዓሉ ቀደም ብሎ ስለሆነ፣ ደብዳቤውን ከሆሳዕና በፊት አድርሱ።