የወርቅ ሻጮች ሲበዙ ዋጋው ለምን ይወጣል?

የአሜሪካ የሸቀጦች ፊውቸርስ ንግድ ኮሚሽን በየሳምንቱ ዓርብ አንድ ሰንጠረዥ ያወጣል። በኒውዮርኩ ኮሜክስ ገበያ እነማን ምን ያህል የወርቅ ግዢና የሽያጭ ውል ይዘው እንደሚገኙ የሚያሳይ ነው። አንዱ ውል 100 አውንስ ወርቅ ነው። ወርቁን ሳይፈልጉ በዋጋው መውጣትና መውረድ ለማትረፍ የሚገቡት ገማቾች ጎልተው የሚታዩት የደንበኞችን ገንዘብ በሚያንቀሳቅሱ ድርጅቶች ረድፍ ላይ ነው።

የገበያ ዘገባዎች በአብዛኛው ከዚህ ረድፍ ግዢው ላይ ሽያጩን ቀንሰው የተጣራውን ቁጥር ብቻ ይነግሩናል። ይህ ቁጥር ግን ያሳስታል። ገማቾቹ በአንዱ ሳምንት 120,000 የግዢና 150,000 የሽያጭ ውል አላቸው እንበል፤ ሽያጩ በ30,000 ይበልጣል። በሳምንቱ ግዢው 121,000፣ ሽያጩ 120,000 ይሆናል። የተጣራው ቁጥር በ31,000 ተሻሻለ ተብሎ ይወራል፤ ወርቅን አምኖ የገባው አዲስ ገዢ ግን 1,000 ውል ብቻ ነው። ቀሪው 30,000 ቀድሞ የሸጡት ሰዎች ውላቸውን ለመዝጋት መልሰው የገዙት ነው። ይህ ግዢ ዋጋውን ያስወጣል፤ የሚዘጋ ውል ሲያልቅ ግን አብሮ ያልቃል።

እ.ኤ.አ. በ2018 የሆነውን እንመልከት። ገማቾቹ ከሐምሌ ጀምሮ ሽያጫቸው ከግዢያቸው በለጠ። ነሐሴ አጋማሽ ላይ አውንሱ ወደ 1,160 ዶላር ግድም ወረደ። "ሻጭ በዝቷል፣ አሁን ይነሳል" ብሎ ሐምሌ ላይ የገዛ ሰው ሳምንታት ሙሉ ከስሯል ማለት ነው። የቁጥሩ ጽንፍ መድረስ ቀኑን አይነግርም። የሚነግረው፣ አንድ ምክንያት ከተገኘ ስንት ሰው ወደ በሩ እንደሚሮጥ ነው።

ምክንያቱ በጥቅምት ወር ተገኘ። የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ክፉኛ ወደቀና ሐሙስ ጥቅምት 11 ቀን ወርቅ በአንድ ቀን ከ2 በመቶ በላይ ዘለለ። በማግስቱ ዓርብ የወጣው ሰንጠረዥ ስለዚህ ዝላይ አንዲት ቃል አልነበረውም። ሰንጠረዡ የሚይዘው ማክሰኞ ገበያው ሲዘጋ የነበረውን ብቻ ነውና! ገማቾቹ ወደ ገዢነት መዞራቸው የታየው በሚቀጥለው ሳምንት ነው፤ ያን ጊዜ ዋጋው ተነስቶ ነበር።

ስለዚህ ዓርብ ሰንጠረዡን የሚከፍት ሰው ግዢና ሽያጩን ለየብቻ ካለፈው ሳምንት ጋር ያመሳክር። ዋጋው እየወጣ ግዢው ካልጨመረ፣ ሽያጩ ብቻ ከቀነሰ፣ ገበያው ላይ ያለው አዲስ ፍላጎት ሳይሆን ሽሽት ነው። ባንኮችና የወርቅ አምራቾች ያሉባቸውን ሌሎች ረድፎች ግን በዚህ ዓይን ማንበብ አይገባም። እነሱ የሚሸጡት በአብዛኛው በእጃቸው ያለውን ወይም ገና የሚያወጡትን ወርቅ ከዋጋ መውደቅ ለመጠበቅ ነው፤ ወርቅ ይረክሳል ብለው መገመታቸው አይደለም።